አራት ድንጋይና አንድ ባና

ባለፈው ጥር ልጄ የመንፈቅ ዓመት ፈተናዋን ጨርሳ ዕረፍት ስትወጣ፣ እናቴ ዘንድ ሳምንት ልንሰነብት ወደ ምንዝ ይዣት ሄድኩ። ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተነጥሎ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ወር ቀን የሚነፍሰውን ደረቅ ነፋስና ሌሊት የሚወርደውን ውርጭም አብሮ ያውቃል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሦስታችንም በእናቴ መደብ ላይ አንድ ባና ለብሰን አደርን። ጠዋት ላይ ልጄ ባናው ጭስ ጭስ፣ በግ በግ እንደሚል ስትናገር እናቴ አልተቀየመችም። ተነሥታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው፤ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ጠርዙን በጣቶቿ አሸት አደረገችና «እውነቷን ነው፤ ዘንድሮ ይታጠባል። አስተጣጠቡንም እሷ ትማራለች» አለች። ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። ለምን እንዳላየች ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቦታው ሲደርስ እናገረዋለሁ።

ባና ከምንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። በጉ ላታም ነው፤ ጠጉሩ ሻካራና ረዥም ነው፤ ያው ጠጉር በርኖስም ይሆናል። ጠጉሩን ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ አንድ ባና ከአንድ ወርድ በላይ ይጠይቃል፤ የእናቴም ባና ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ተገጥሞ መካከሉ ላይ የተሰፋ ነው። እናቴ በ1973 ዓ.ም. ስትዳር አያቴ ሁለት ባና ሰጥታታለች፤ አንዱ ድፍን ጥቁር፣ ሌላው ቡናማ ሆኖ ነጭ መስመር የገባበት። ሁለቱንም ቀለም አልነካቸውም፤ መልካቸው በጎቹ የነበራቸው መልክ ነው። ጥቁሩ ዛሬ የለም። ያን ጠዋት በሩ ላይ የተዘረጋው ቡናማው ነበር።

ልጄ ወዲያው ሳፋ ፍለጋ ተነሣች። እናቴ ግን በዚያ ቀን ውሃ የሚባል ነገር አላስነካቻትም። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ባና ያጠበችው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ የጀመረው ባና ብዙውን ጊዜ የማይታጠብ ልብስ መሆኑን ከማስረዳት ነው። የበግ ጠጉር የራሱ ወዝ አለው። በእጅ የተፈተለ ባና ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ይልቅ ይህን ወዝ ይዞ ይቆያል፤ ወዙ ውሃ ቶሎ እንዳይገባው ያደርጋል፣ አቧራውም ከውስጥ ከመስረግ ይልቅ ከላይ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ከላይ የተቀመጠን አቧራ ለማስወገድ ደግሞ ውሃ አያስፈልግም። ሁለቱ ባናውን በድንጋይ ካቡ ላይ ጣሉት፤ እናቴ ቀጭን የወይራ ዘንግ ለልጄ ሰጠቻትና ከጀርባው በኩል ቀስ እያደረገች ከላይ ወደ ታች እንድትመታው አደረገች። ኃይል ከተጨመረበት ክሩ ይላላል፤ ከፊቱ በኩል ከተመታም አቧራው ወደ ውስጥ ይገባል። አቧራው መውጣቱን ሲያቆም ገልብጠው ጸሐይ አሰጡት። በሌላ ዓመት ቢሆን ሥራው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ዘንድሮ ያላበቃበትን ምክንያት ለልጄ በእጇ አሳየቻት። የአንገቱን በኩል፣ ማለትም የሰው ፊትና እጅ ሁልጊዜ የሚነካውን ጠርዝ፣ በሁለት ጣት ይዛ እንድታሽ አደረገቻት፤ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጣት ላይ ጥቁር ቅባት ተወ። የላብ ቅባት እንዲህ ሲጠራቀም በዘንግ በመምታትና በጸሐይ አይወጣም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብል የሚወደው ይህንኑ ላብ የጠጣ ጠጉር መሆኑ ነው። እናቴ ባናውን ወደ ጸሐይ ዘርግታ ከበስተኋላው እንድታይ ስታደርጋት፣ ልጄ ከጠርዙ አቅራቢያ ሦስት የመርፌ ዓይን የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አገኘች። እነዚያ ሳይደፈኑ ውሃ ቢነካቸው የረጠበው ባና በክብደቱ ይጎትታቸውና ጣት የሚያስገቡ ይሆናሉ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ መርፌ ይዘው ተቀመጡ። እናቴ ከእንዝርቷ ላይ የቀረ የበግ ጠጉር ክር ነበራት። ልጄ ከከተማ ያመጣነውን የጥጥ ክር ስታቀርብላት አልተቀበለቻትም፤ ጥጥና ጠጉር ውሃ ውስጥ አንድ ዓይነት ጠባይ ስለሌላቸው፣ አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ባለበት ይቀራል፣ ስፌቱም ይኮማተራል። የመካከሉን ስፌትም ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ተከተሉት፤ ሁለት ቦታ ላልቶ ስለተገኘ አጠበቁት።

ማታ ላይ የእንዶዱ ተራ ሆነ። መሐል ሜዳ ለእንዶድ ብርዱ ስለሚበዛበት፣ እናቴ የደረቀውን ፍሬ ከወደ ታች ከሚመጡ ነጋዴዎች ገበያ ላይ ትገዛለች። ሦስት እፍኝ ቆጥራ ሙቀጫ ውስጥ ጨመረችና ልጄን አፍና አፍንጫዋን በነጠላ እንድትሸፍን አዘዘቻት። የእንዶድ ዱቄት አፍንጫ ውስጥ ከገባ ማስነጠሱ አያቆምም፣ ዓይንም ያቃጥላል፤ ልጄ ነጠላውን አንዴ ወረድ አድርጋ ሞከረችና ለሩብ ሰዓት አስነጠሳት። ከዚያ በኋላ ፊቷ ላይ ዓይኗ ብቻ ነበር የሚታየው። ዱቄቱ አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተጨምሮ አደረ፤ ጠዋት ሲማታ እንደ ጠላ አረፋ ያለ ነጭ አረፋ አወጣ፤ ልጣጩና ፍሬው እንዳይቀር በነጠላ ጨርቅ ተጠለለ። የእንዶድ ፍሬ ቅንጣት ጠጉሩ መካከል ከገባ ለመልቀም ቀናት ይፈጃል።

ልጄ ሳሙና ለምን እንዳልተፈለገ ጠየቀች። እናቴ መልሷን በእጆቿ ሰጠች፤ «የልብስ ሳሙና እጄን ይሰነጥቀዋል፤ እንዶድ አይሰነጥቀውም። ለእጄ የከበደ ለጠጉሩም ይከብዳል» አለቻት። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ስፈልግ ቆይቼ አላገኘሁም። የልብስ ሳሙናና የዱቄት ሳሙና አብዛኛውን ጊዜ አልካላይ ናቸው፤ አልካላይ ለጥጥ ምንም አይለውም፣ የበግ ጠጉር ግን እንደ ሰው ቆዳና ጥፍር ሁሉ ፕሮቲን ስለሆነ አልካላይ ያሳብጠዋል፣ ሲበረታበትም ይበላዋል። የደምና የላብ እድፍ ያስለቅቃሉ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ የዱቄት ሳሙናዎች ደግሞ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም አለባቸው፤ ኢንዛይሙ እድፉን ከባናው ለይቶ አያውቅም። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ጭስና ላብ ያነሣል፣ የጠጉሩን ወዝ ግን ነቅሎ አይወስድም። እንዶድ በማይገኝበት ከተማ ለሕፃናት ፀጉር የሚሆን ለስላሳ ሻምፖ ከልብስ ሳሙና በብዙ ይሻላል፤ ሻምፖም የተሠራው ለጠጉር ነውና።

እናቴ ማጠቢያውን ያዘጋጀችው ከምንጩ ራቅ ብላ፣ ከቤቱ በታች ነው። የእንዶድ ውሃ ወደ ምንጩ እንዳይመለስ ልጄን ደጋግማ አስጠነቀቀቻት። ይህን ጥንቃቄ በሳይንስ ቋንቋ ለዓለም ያስረዳው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየቱ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንደሚውል ወደሚያሳየው ምርምር መራው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ውሃ ዓሣም ይገድላል። እናቴ ስለ ምርምሩ አታውቅም፤ እንቁራሪት እንደሚሞትበት ግን ከእናቷ ሰምታለች።

ማጠቢያውም ተመርጧል። ጎረቤት ግማሽ በርሜል ሊያውሰን አምጥቶ ነበር፤ እናቴ ከውስጡ ዝገቱን በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አይታ፣ አመስግና መለሰችው። የዝገት እድፍ በባናው ነጭ መስመር ላይ ካረፈ አይለቅም። ስለዚህ ከብት የሚጠጣበት የእንጨት ገንዳ ተፋቀ። ውሃውን በሃያ ሊትር ጀሪካን በአህያ አመላለስነው፤ ለማጠቢያው ሦስት፣ ለእያንዳንዱ ማለቅለቂያ ሦስት፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ጀሪካን። ጀሪካኖቹ እስከ ረፋድ ጸሐይ ላይ ቆሙ፤ ከዚያም በአንድ ትልቅ ድስት የፈላ ውሃ ለአራቱም ዙር እኩል ተከፋፈለ። ልጄ ጣቷን ነክራ «ሞቋል» አለች። እናቴ እጇን ይዛ ክርኗን ነከረችው። ሥራ የለመደ እጅ ሙቀት አይለይም፤ ክርን ግን ይለያል። ክርን የውሃውን መኖር እንጂ ሙቀቱንም ቅዝቃዜውንም ካልተሰማው፣ ውሃው ለባና ደርሷል። የማለቅለቂያውም ውሃ እንዲሁ መሆን አለበት፤ እናቴ እንደምትለው ለብ ባለ ውሃ የለሰለሰ ጠጉር ድንገት የምንጭ ውሃ ሲያገኘው ይሸማቀቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ባናው ገና ደረቅ እያለ፣ ወደ አውድማው ወስደው ዘረጉት። አውድማው ከመከር በኋላ ተጠርጎ ንጹሕ ነበር። እናቴ ባናውን ሳትወጥረው፣ ሳታጨማድደው በመዳፏ አስተካከለችና በአራቱም ጥግ አንዳንድ ድንጋይ፣ ከባናው ውጭ ጥጉን አስነክታ አስቀመጠች። ከዚያ ባናውን አነሣችው፤ ድንጋዮቹ እዚያው ቀሩ። ልጄ ነገሩ ገብቷት በእናቴ የልብስ ስፌት ሜትር ለካችው፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ34 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ62 ነበር። ስልኳ ላይ ጻፈችው። እናቴ ቁጥሩን አልጠየቀችም።

ገንዳው አጠገብ ለመንበርከክ እናቴ ሁለት ጥቁር፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያላቸው አራት ማዕዘን ነገሮች ከቤት አውጥታ መሬት ላይ ጣለች፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለልጄ። ጠንካራ ናቸው፣ ጠርዛቸው በመቀስ ተቆርጦ እንኳ አይተረተርም፤ የመሬቱ ቅዝቃዜና ጠጠር በእነሱ በኩል ወደ ጉልበት አይደርስም። ልጄ ምን እንደሆኑ ጠየቀች።

«ባና ነበር» አለች እናቴ።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው እማማ?»

«ውሃ ሞቆበት።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ባናውን እንደ መጽሐፍ አጥፈው፣ በክንዳቸው ላይ አስተኝተው ወደ ገንዳው አወረዱት። ወዙ ስላለ መጀመሪያ ተንሳፈፈ፤ እናቴ መዳፏን ዘርግታ ከላይ ወደ ታች ብቻ ተጫነችው፣ ለቀቀችው፣ እንደገና ተጫነችው። ልጄ ተከተለቻት። የእንዶዱ ውሃ በባናው ውስጥ አልፎ ሲመለስ ቡናማ ሆነ፤ የአርባ አራት ዓመት ባይሆንም የብዙ ክረምት ጭስ ነበረበት። ልጄ የአንገቱ በኩል ያለው ቅባት ቶሎ አልለቅ ሲላት፣ ጋቢ እንደሚታጠብ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ እርስ በርሱ ልታሸው ጀመረች። እናቴ እጇን በእጇ ላይ ጫነችና አስቆመቻት።

ከካቡ ሥር የተረፈ የገብስ ዘለላ አንሥታ አንዱን ጢም ነቀለች፤ በልጄ እጅጌ ውስጥ ሥሩን ወደ ላይ አድርጋ አስገባችውና እጇን እንድታንቀሳቅስ ነገረቻት። በገብስ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ጢሙ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ወደ ክንድ ይወጣል፤ ወደ ታች ግን በምንም አይመለስም፤ የሚነቃነቀው ክንድ ነው የሚያስወጣው። ልጄ ክርኗ ደርሶ ሲወጋት ሳቀች። «የበጉም ጠጉር እንዲሁ ነው» አለቻት እናቴ፤ «ወደ አንድ ወገን እንጂ ወደኋላ አይሄድም። ስታሺው አንዱ ባንዱ ውስጥ ይገባል። አይመለስም።»

የበግ ጠጉር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሥሩ ወደ ጫፉ እንደ ጣሪያ ክዳን የተደራረበ ቅርፊት አለው። ሙቀትና አልካላይ ቅርፊቱን ያቆሙታል፤ ማሸትና መርገጥ ጠጉሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ የቆመው ቅርፊት ደግሞ ወደ ሥሩ በኩል ብቻ እንዲጓዝ ይፈቅድለታል። እያንዳንዱ ጠጉር በጎረቤቱ ውስጥ እየተሳበ ይገባና መላው ልብስ ይሰበሰባል፣ ይወፍራል፣ ይደነድናል። ባና ከሸማኔው እጅ ሲወርድ ልልና ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ ሆን ተብሎ በሙቅ ውሃ ተነክሮ በእግር የሚረገጠውም ለዚሁ ነው፤ ነፋስ የማያስገባው ከዚያ ርግጫ በኋላ ነው። ስለዚህ የታጠበ ባና የሚጠበው በእንግዳ አደጋ ምክንያት አይደለም። ባና ያደረገው ሥራ ልኩን አልፎ ሲቀጥል ነው የሚጠበው፤ የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው ደግሞ የአጣቢው እጅ ነው።

ይህን በ1996 ዓ.ም. አላውቅም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ለዕረፍት ስመጣ፣ እናቴ ገበያ በወጣችበት ቀን፣ ላስደስታት ብዬ ጥቁሩን ባና አጠብኩት። ውሃ አፈላሁ፤ የዱቄት ሳሙና ጨመርኩ፤ የጋቢ እጥበት እንደለመድኩት በእግሬ ግማሽ ሰዓት ያህል ረገጥኩት። ጥቁር ውሃ በወጣ ቁጥር እድፉ እየለቀቀ መስሎኝ ጨመርኩበት። ከዚያ ቀጥታ በምንጭ ውሃ አለቀለቅሁት፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን ጠመዘዝነው፤ አጥር ላይ ሰቀልነው። ምልክቶቹን ዛሬ ሳስባቸው ሁሉም ነበሩ። ገና ስረግጠው ከእግሬ ሥር እየጠነከረ ይሄድ ነበር፤ የክሩ አሠራር ከዓይን እየጠፋ ፊቱ ለስላሳ ይመስል ነበር፤ ስጠመዝዘውም እንደ ልብስ መሆኑ ቀርቶ እንደ እርጥብ ቁርበት አስቸግሮኝ ነበር። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ሲታይ እጅን ማንሣት ይገባል፤ የጀመረውን መመለስ ባይቻልም ባለበት ማቆም ይቻላል። እኔ አላቆምኩም። ማታ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ባናው አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። አያቴ የሞተችው ከዚያ በፊት ነው፤ እንደ እሷ የሚፈትልልን አልነበረም። እናቴ እየዳሰሰች አየችው፣ አጥፋ ወደ ቤት አስገባችው፣ እራት አቀረበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ባና አልነካሁም፤ እሷም አላዘዘችኝም።

ልጄ በቅባቱ ላይ መዳፏን ጭና ስትጠብቅ፣ ያ ከጉልበቷ ሥር ያለው ጥቁር ነገር የኔ ሥራ መሆኑን ነገርኳት። የፈላውን ውሃም፣ ርግጫውንም፣ መጠምዘዙንም ሳልቀንስ ነገርኳት። እናቴ አላቋረጠችኝም። ልጄ መዳፏን ከባናው ላይ ሳታነሣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ስረግጠው እየጠነከረ ይሄዳል ያልሽው እንዴት ነው የሚታወቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥራዋን እየጠየቀች ነበር። የማውቀውን ነገርኳት።

አንገቱ ላይ ያለው ቅባት ያልተቀላቀለ የእንዶድ ውሃ ፈሰስ ተደርጎበት፣ በመዳፍ ተጫን ለቀቅ እየተባለ ለቀቀ። ሩብ ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ ማንሣት መጣ፤ እናቴ ከሁሉ በላይ የምትፈራው ይህን ነው። ደረቁ ባና አራት ኪሎ ቢሆን ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን የማታነሣው ይሆናል፤ በአንድ ጥግ ከተጎተተ ያ ጥግ በራሱ ክብደት ይለጠጥና ተመልሶ አይሰበሰብም። በዚህ ጊዜ እናቴ ወገቧን ይዛ ተነሣች፤ ጉልበቷ የነበረበትን ጥቁሩን ቁራጭ በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣ «ነይ፣ አንቺ ያዢ» አለች።

ተንበረከክሁበት። ከሃያ ዓመት በኋላም ሽታው በግ ነው። እኔና ልጄ ክንዳችንን ከባናው ሥር አሳልፈን፣ እንደተኛ ሕፃን አንሥተን፣ ገንዳው አጠገብ በተረበረበ የእንጨት ርብራብ ላይ አሳረፍነው፤ ውሃው በራሱ ጊዜ እስኪወርድ ጠበቅነው። እናቴ ገንዳውን ደፍታ አዲሱን ውሃ ቀዳችበት። ሦስት ጊዜ አለቀለቅነው፤ በሁለተኛው ገና ያሙለጨልጭ ነበር፤ በሦስተኛው እፍኝ ውሃ ከባናው ጨምቃ መሬት ላይ ስታፈስሰው አረፋ አልሠራም። እስከዚያ ድረስ መልቀቅ አይገባም፤ እንዶድ የቀረበት ባና ሲደርቅ ፊት ያሳክካል።

ውሃውን ያወጣነው ሳንጠመዝዘው ነው። ያረጀ ደረቅ ጋቢ ተዘረጋ፤ ባናው ከላዩ ተነጠፈ፤ ሁለቱን አብረን እንደ ሰሌን ጠቀለልናቸውና ልጄ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጉልበቷ እየተጫነች ሄደችበት። ጋቢው ውሃውን ጠጣ። በሌላ ጋቢ ደገምነው፤ ከዚያ በኋላ ባናው ከባድ ቢሆንም አይንጠባጠብም ነበር።

አውድማው ላይ ደረቅ የጓሳ ሣር በስሱ አነጠፍን፤ ነፋስ ከሥሩም እንዲያልፍ ነው። ባናውን በድንጋዮቹ መካከል ስንዘረጋው ሦስቱ ጥጎች ድንጋያቸውን ነኩ፤ አራተኛው፣ በአንገቱ በኩል ያለው፣ አንድ ስንዝር ጎድሎት ቆመ። ልጄ ቀና ብላ አየችን። ልቧ ማሸት የጀመረችበትን ቅጽበት እያስታወሰ እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁት። እናቴ ጥጉን አልጎተተችም፤ ሁለት መዳፏን ከመካከሉ ስፌት ጀምራ እየዳበሰች ወደ ጥጉ አመጣች፣ ተመልሳ እንደገና ጀመረች። እርጥብ ጠጉር ያልተቆላለፈ ከሆነ እንዲህ ሲለመን ይመጣል፤ የተቆላለፈ ከሆነ በእጅ ሥር እንደ ቆዳ ይንሸራተታል እንጂ አይረዝምም። ከሰባት ስምንት ጊዜ በኋላ ጉድለቱ ሁለት ጣት ሆነ። የቀረውን ለልጄ ተወችላት፤ ባናው እስኪጠነፍፍ በየሰዓቱ እየሄደች ዳበሰችው።

አመሻሹ ላይ ባናው ገና እርጥብ ስለነበር ውጭ አላሳደርነውም፤ ውርጭ ከመታው ውስጡ ያለው ውሃ ይጋገራል፣ ክሩም ሲታጠፍ ይሰበራል። ከምድጃው ርቆ መደቡ ላይ ተዘርግቶ አደረና እኛ በጋቢዎች ተደራርበን በብርድ አነጋን። በማግስቱ ጀርባው ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ድንጋዮቹ መካከል ተመልሶ፣ ከሰዓት በኋላ ደረቀ። መድረቁን በመዳፍ ማወቅ አይቻልም፤ የበግ ጠጉር ብዙ እርጥበት ይዞም ደረቅ ይመስላል። እናቴ ልጄን ጉንጯን በመካከሉ ስፌት ላይ እንድታስተኛ አደረገቻት፤ ስፌቱ ድርብ ስለሆነ መጨረሻ የሚደርቀው እሱ ነው። ጉንጯ ቅዝቃዜ ሳይሰማው ሲቀር ባናው ተነሣ። ልጄ ለካችው፤ 2 ሜትር ከ32፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ61።

ማታ መደቡ ላይ ስንወጣ ልጄ ባናውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው። «ጭሱ ሄዷል፤ በጉ ግን አልሄደም» አለች፤ ቅር ያላት ይመስል ነበር።

«በጉ ከሄደማ ወዙ ሄደ ማለት ነው» አለች እናቴ፤ «ከዚያ ወዲያ ጠጉር አይደለም፣ ገለባ ነው። እንኳንም አልሄደ።»

ልጄ እንደገና አሸተተችው። ከዚያ መብራቱ ጠፋ፣ ውጭ ነፋሱ ካቡን ያፏጨው ነበር፤ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ባናውን እየሳቡ እኔን መካከል አስተኙኝ።